«አና ጎ.» አና አኽማቶቫ የሆነችበት መንገድ

በ1907 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ «ሲርዩስ» የሚባል አንድ ትንሽ የሩስያኛ መጽሔት ይታተም ነበር። ዕድሜው ከሦስት እትም አላለፈም። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሃያ ዓመቱ ወጣት ገጣሚ ኒኮላይ ጉሚልዮቭ ነበር። ከመጽሔቱ እትሞች በአንደኛው ውስጥ የአንዲት ልጃገረድ ግጥም ወጣ። ከግጥሙ ሥር የሰፈረው ፊርማ «አና ጎ.» ይላል፤ የራስዋ ስም በሙሉ፣ የቤተሰብዋ ስም ግን በአንድ ፊደል ብቻ። አምስት ዓመት ያህል ቆይታ ይህችው ልጃገረድ የመጀመሪያ መድበልዋን ስታሳትም በልባሱ ላይ የታየው ስም ሌላ ነበር፤ አና አኽማቶቫ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ፊርማዎች መካከል ያለው ርቀት የአንዲት ወጣት የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ በሩስያ የራሱን ስም ሊጠቀም ያልፈለገ ወይም ያልቻለ ገጣሚ የሚመርጣቸው ሦስት መንገዶች ነበሩት። በስሙ መነሻ ፊደላት ይፈርማል፤ ወይም እውነተኛ ስሙን ቆርጦ ያሳጥራል፤ ወይም ከነጭራሹ አዲስ ስም ይፈጥራል። ሦስቱም መንገዶች የየራሳቸው ታሪክ፣ የየራሳቸውም ዋጋ ነበራቸው። የአና ምርጫ ምን ያህል የተለየ እንደ ነበረ ለመረዳት ከእርስዋ በፊት በእነዚህ መንገዶች የሄዱትን ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሩስያውያንን የስም አወጣጥ ማስታወስ ይገባል። በእኛ አገር አንድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። በሩስያ ግን ከራስና ከአባት ስም ሌላ ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ የቤተሰብ ስም አለ። የቤተሰቡ ክብርም ሆነ ነውር የሚመዘገበው በዚህ ስም ላይ ነው። ሴት ልጅ ስታገባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአባትዋን ቤተሰብ ስም ትታ የባልዋን ትይዛለች። ስለዚህ ግጥም የምትጽፍ ወጣት ስምዋን ስትፈርም የምትፈርመው በራስዋ ብቻ ሳይሆን በአባትዋ ወይም በባልዋ ወገን ሁሉ ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ፣ ማለትም በመነሻ ፊደላት መፈረምን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው «ክ. ር.» የሚለው ፊርማ ነው። ይህ ፊርማ ከ1882 ጀምሮ በሩስያ መጽሔት ላይ ታየ። ባለቤቱ የቀዳማዊ ኒኮላይ የልጅ ልጅ የነበረው ታላቁ መስፍን ኮንስታንቲን ኮንስታንቲኖቪች ሮማኖቭ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ አባል በገበያ በሚሸጥ መጽሔት ላይ ከተራ ጸሐፍያን ጋር ተሰልፎ ግጥም ቢያወጣ ለማዕረጉ የማይመጥን ሆኖ ይቆጠር ነበር። ሆኖም ሁለቱ ፊደላት ማንንም አልሸሸጉም። ቤተ መንግሥቱም፣ ተቺዎቹም፣ አንባቢውም የማን እንደ ሆኑ ያውቁ ነበር። ፊደላቱ የሠሩት ሥራ ሌላ ነው። መስፍኑ ገጣሚ በሆነበት ሰዓት መስፍን ላለመባል የጠየቀውን ፈቃድ ይገልጡ ነበር። ይሁን እንጂ ሮማኖቭ የሚለው ስም ከ«ር» በስተኋላ ቆሞ ስለሚታይ ሃያሲው ግጥሙን የሚመዝነው ሚዛን ነጻ ሊሆን አልቻለም።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። መነሻ ፊደላት ስምን አያስወግዱም፤ ለጊዜው ይጋርዱታል እንጂ። ባለቤቱ ታዋቂ ሲሆን ግርዶሹ ስስ ነው፤ የማይታወቅ ሲሆን ደግሞ ፊርማው ማንንም የማያመለክት ባዶ ምልክት ይሆናል። አንባቢ «ክ. ር.»ን ያስታውሰው የነበረው ሮማኖቭን ስለሚያውቅ ነው። ስምዋ ያልተሰማ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ በሁለት ፊደል ብትፈርም ግን የሚያስታውሳት አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ ስምን መቁረጥ ነው። ይህ በሌላ አገር ቀላል የአጠራር ማሳጠር ሊሆን ይችላል። በሩስያ ግን ከባድ ትርጉም ነበረው። በ18ኛው መቶ ዓመት የሩስያ መሳፍንት ከጋብቻ ውጭ ለወለዷቸው ልጆች ሙሉ ስማቸውን አይሰጡም ነበር። የሚሰጡት ስማቸውን ከራሱ ቆርጠው የቀረውን ነው። የመስፍን ትሩቤትስኮይ ልጅ «ቤትስኮይ» ተባለ። የፊልድ ማርሻል መስፍን ረፕኒን ልጅ ደግሞ «ፕኒን» ተባለ። ከስሙ የጎደለው የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ከርስቱና ከማዕረጉ የጎደለው ሁሉ ምልክት ነበር።

ይህ ኢቫን ፕኒን (1773–1805) ገጣሚና የመጽሔት አዘጋጅ ሆነ። አባቱ በ1801 ሲሞት ምንም አላወረሰውም። ፕኒን በሚቀጥለው ዓመት ከጋብቻ ውጭ ስለሚወለዱ ልጆች መብት አንድ የአቤቱታ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ለቀዳማዊ አሌክሳንደር አቀረበ። ከጽሑፉ በታች የሰፈረው ስም ራሱ የአቤቱታው ማስረጃ ነበር። ያነበበው ባለ ሥልጣን ሁሉ «ፕኒን» የሚለውን ሲያይ የጎደለውን «ረ» በልቡ ይሞላው ነበርና። እንግዲህ የተቆረጠ ስም ሙሉውን ስም ከሚያስረሳ ይልቅ የሚያስታውስ ነው። ከአባትዋ ቤት ስም ጋር የተጣላች ልጃገረድ ያንኑ ስም ቆርጣ ብትይዝ በራስዋ ላይ የምታትመው የነጻነትን ሳይሆን የመጣልን ምልክት ይሆን ነበር።

ሦስተኛው መንገድ አዲስ ስም መፍጠር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ይህ በሩስያ ገጣሚያን ዘንድ የተለመደ ሆኖ ነበር። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የታወቀው የሒሳብ ሊቅ የኒኮላይ ቡጋዬቭ ልጅ ቦሪስ የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1902 ሊያሳትም ሲል በፕሮፌሰሩ ስም እንዲህ ያለ ያልተለመደ ድርሰት ማውጣት አልተቻለውም። «ቦሪስ ቡሬቮይ» ልባል አለ፤ ማዕበለኛው ቦሪስ እንደ ማለት ነው። መጽሐፉን ለማሳተም የረዳው ሚኻይል ሶሎቭዮቭ ግን ሳቀበት። በሩስያኛ ስሙ በፍጥነት ሲነገር «የቦሪያ ጩኸት» ወደሚል ቃል እንደሚጠጋ ነገረው። በምትኩም «አንድሬይ ቤሊ» የሚለውን አወጣለት፤ ቤሊ ማለት ነጭ ነው። የተፈጠረ ስም የመጀመሪያ ፈተና ይህ ነው። ወረቀት ላይ ያማረው ስም ፌዘኛ ሲጠራው ምን ይሆናል?

ሁለተኛው ፈተና ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ይኸውም የተፈጠረውን ስም የሚሸከም ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። በ1909 በፒተርስቡርግ «አፖሎን» የተባለው አዲስ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሰርጌይ ማኮቭስኪ፣ በሐዘን ጠርዝ በተከበበ ወረቀት የተጻፉ፣ በመካከላቸውም የደረቀ ቅጠል የተደረገባቸው ግጥሞች በፖስታ ደረሱት። ላኪዋ «ቼሩቢና ደ ጋብሪያክ» ትባላለች። ማኮቭስኪ በግጥሞቹና በስልክ በሚሰማው ድምፅ ተማረከ፤ ግጥሞቹንም አተመ። በአካል ግን አላያትም፤ ቼሩቢና የምትባል ሴት በዓለም ላይ አልነበረችምና። ግጥሞቹን የጻፈችው በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የምታስተምር ኤሊዛቬታ ድሚትሪየቫ የምትባል በእግርዋ የምታነክስ መምህርት ነበረች። ስሙንና ታሪኩን ከእርስዋ ጋር የፈጠረው ገጣሚው ማክሲሚልያን ቮሎሺን ነው። «ጋብሪያክ» የሚለው ቃል የተወሰደው ቮሎሺን በባሕር ዳር ካገኘው ለጣዖት ምስል ከሚመስል የዛፍ ሥር መጠሪያ ነበር።

ምሥጢሩ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ተገለጠ። በድሚትሪየቫ ምክንያት ቮሎሺንና ያ የ«ሲርዩስ» አዘጋጅ ጉሚልዮቭ ተጣሉ፤ በሽጉጥም ሊጋደሉ ከከተማ ውጭ ወጡ። ሁለቱም ሳይጎዱ ተመለሱ። የተጎዳችው ድሚትሪየቫ ናት። ስሙ ሲሞት ገጣሚነትዋም አብሮ የሞተ መሰላት፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ግጥም መጻፍ አቆመች ለማለት ይቻላል። አንባቢው የወደደው ግጥሙን ብቻ አልነበረም፤ ከስሙ ጋር የተሰጠችውን የማትኖር እመቤት ነበር። ስለዚህ እውነተኛዋ መምህርት ብቅ ስትል በራስዋ ግጥሞች ዘንድ እንግዳ ሆነች።

ጉሚልዮቭ ከዚህ ጠብ ጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ኪየቭ ሄደ። በዚያም ለዓመታት ሲለምናት የቆየችው «አና ጎ.» ልታገባው ፈቀደች። እርሱም ወዲያው በኦዴሳ በኩል መርከብ ተሳፍሮ ወደ አገራችን፣ ያን ጊዜ አቢሲንያ ወደምትባለው ምድር፣ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። በ1910 ተመልሶ ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት መጸው እንደገና ወጥቶ እስከ አዲስ አበባ ደረሰ። ሚስቱ ብቻዋን በቀረችባቸው በእነዚያ ወራት ነው የመጀመሪያ መድበልዋ የሚሆኑትን ግጥሞች በብዛት የጻፈችው። ጉሚልዮቭ በ1911 ጸደይ ሲመለስ ጽፈሽ እንደ ሆነ ብሎ ጠየቃት፤ ስታነብለትም መጽሐፍ ማውጣት እንደሚገባት ነገራት። የስሙ ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚታለፍ አልነበረም።

አና የተወለደችው በ1889 በኦዴሳ አቅራቢያ ነው። አባትዋ አንድሬይ ጎሬንኮ የባሕር ኃይል መሐንዲስ ነበር። አኽማቶቫ ራስዋ እንደ ተረከችው፣ አባትዋ ልጁ ግጥም መጻፍዋን ሲሰማ ስሙን እንዳታሰድብበት አስጠነቀቃት። እርስዋም የእርሱ ስም እንደማያስፈልጋት መለሰችለት። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ያህል ነበር። ይህ መልስ የልጅ ቁጣ ቢመስልም ከባድ ሥራን ያስከተለ ነው። ስም አልፈልግም ያለ ሰው ሌላ ማግኘት አለበትና።

በፊትዋ የነበሩትን ስሞች አንድ በአንድ ብናስቀምጣቸው ችግሩ ግልጽ ይሆናል። «አ. ጎ.» ቢባል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ ሙሉው «ጎሬንኮ» እንኳ የዩክሬን ስም ስለ ሆነ እንደ ሌሎቹ የሩስያ ስሞች ለሴት መጨረሻው አይለወጥም። በ1907 የታተመው «አና ጎ.» ሴትነትዋን ገለጠ፤ የአባትዋንም ትእዛዝ በግማሽ አከበረ። ነገር ግን ይህ ፊርማ አንድ የተሰወረ ችግር ነበረው። በሩስያኛ ጎሬንኮም ጉሚልዮቭም የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። ስታገባ ፊርማዋን ሳትነካው የአባትዋ ምልክት የባልዋ ምልክት ሆኖ ይቀጥል ነበር። አንዲቱ ፊደል ሁለቱን ወንዶች በተራ ታስተናግዳለች፤ ለባለቤትዋ የሚሆን ቦታ ግን የላትም።

«አና ጉሚልዮቫ» የሚለውስ? ይህ ሕጋዊ ስምዋ ነበር። ይሁን እንጂ ባልዋ በዚያን ጊዜ የታወቀ ገጣሚ ስለ ነበረ መጽሐፍዋ ገና ሳይከፈት የሚስት መጽሐፍ ይባል ነበር። በተጨማሪም የባልዋ ወንድም ሚስት ስም አና፣ የአባትዋም ስም አንድሬይ ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት አና አንድሬየቭና ጉሚልዮቫ ነበሩ ማለት ነው። በስም ከዘመድ የማትለይ ገጣሚ ከአንባቢ ፊት ምን ይዛ ትቀርባለች?

አና ያገኘችው ስም ከሦስቱ መንገዶች በየትኛውም በሙሉ የሚገባ አይደለም። በእናትዋ በኩል ወደ ላይ ወጣች፤ ከእናትዋ ወደ ሴት አያትዋ፣ ከአያትዋም ወደ ቅድመ አያትዋ ወደ ፕራስኮቭያ አኽማቶቫ። የወንዶቹ የቤተሰብ ስም በጋብቻ ሁሉ እየለወጠ ያስረሳውን የሴቶች መስመር ተከትላ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረውን ስም አወጣች። ስሙ የተፈጠረ አይደለም፤ ከጎተራ ውስጥ የወጣ አሮጌ ዘር ነው እንጂ። 

በስሙ ላይ ግን የፈጠራ ቅመም አልታጣም። አኽማት የሚለው እኛ አሕመድ የምንለው ስም የታታሮች አጠራር ነው። አኽማቶቫ የዘር ሐረግዋን በ1480 የሞስኮን ጦር በኡግራ ወንዝ ዳር ከተፋጠጠው ከአኽማት ካን ጋር ታያይዘው ነበር፤ ቅድመ አያትዋንም የታታር ልዕልት ትላት ነበር። በኋላ መዛግብትን የመረመሩ ሊቃውንት ግን የአኽማቶቭ ቤተሰብ ከመኳንንት ወገን የሆነ የሩስያ ቤተሰብ መሆኑን እንጂ ከካኑ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አላገኙም። ለሩስያዊት ባለቅኔ የታታር ስም መምረጥ አስተዋይነት የጎደላት ልጃገረድ ሥራ እንደ ነበረ ራስዋ በዕድሜዋ ማምሻ ላይ በቀልድ ተናግራለች።

የቤሊን ስም የፈተነውን የጆሮ ፈተና እዚህም እናምጣው። «አን–ና–አኽ–ማ–ቶ–ቫ» ስንል ስድስት ክፍለ ቃላት እናገኛለን፤ በሩስያኛ ኃይል የሚያርፈው በመጀመሪያውና በአራተኛው ላይ ነው። አንድ ጠንካራ ሁለት ለስላሳ፣ እንደገና አንድ ጠንካራ ሁለት ለስላሳ፤ ይህ ራሱ የታወቀ የግጥም ምት ነው። በአጻጻፉም ከአሥራ ሁለቱ የሩስያ ፊደላት አምስቱ «አ» ናቸው። ባለቅኔው ጆሴፍ ብሮድስኪ ይህን ስም የአኽማቶቫ የመጀመሪያው የሰመረ ስንኝ ነው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። «አና ጎሬንኮ» ከምቱ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ይጎድለዋል፤ ከ«አ»ው ድምፅ ግን በአብዛኛው ይወጣል። «አና ጉሚልዮቫ» ደግሞ በመካከሉ ሦስት ለስላሳ ክፍለ ቃላት ስለሚከመሩበት ምቱ ይሰበራል። «አኽማቶቫ» በተጨማሪ «ቫ» በሚለው መጨረሻው የባለቤትዋን ሴትነት ይናገራል፤ ጎሬንኮ የማይችለውን ማለት ነው።

በዚህ ስም የመጀመሪያ ግጥሞችዋ በ1911 በሩስያ መጽሔቶች ወጡ። በ1912 «ምሽት» የተባለው መድበልዋ በ300 ቅጂ ታተመ፤ በ1914 የወጣው «መቁጠሪያ» ደግሞ ደጋግሞ ታትሞ በአገሩ ሁሉ አስጠራት። ድሚትሪየቫ ያጣችውን አኽማቶቫ ያገኘችው እዚህ ላይ ነው። ከስምዋ በስተኋላ የተደበቀች ሌላ ሴት አልነበረችም። መድረክ ላይ ቆማ የምታነበው፣ ሠዓሊያን የሚሥሏት፣ ወዳጆችዋ የሚጠሯት ሁሉ በዚሁ ስም ነበር። በ1926 ከሁለተኛ ባልዋ በሕግ ስትፋታ ስሙ ከመጽሐፍ ልባስ ወደ መንግሥት ወረቀት ተሻገረ፤ እስከዚያ ድረስ በመታወቂያዋ የምትጠራው በባሎችዋ ስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ስሙ ዋጋ አስከፈለ። ጉሚልዮቭ በ1921 በፀረ አብዮት ሤራ ተከሶ በጥይት ተገድሎ ነበር። የአባቱን ስም የያዘው ልጃቸው ሌቭ በተደጋጋሚ ታሰረ። አኽማቶቫ ከ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 1940 ድረስ አዲስ መጽሐፍ እንዳታሳትም ተደረገች። በነሐሴ 1946 የሶቪየት ኮሙኒስት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስለ ሌኒንግራድ መጽሔቶች ባወጣው ውሳኔ ስምዋ ከደራሲው ዞሽቼንኮ ጋር ተነሥቶ ተወገዘ፤ ዥዳኖቭም ባደረገው ንግግር አዋረዳት፤ ከደራስያን ማኅበርም ተባረረች። ውሳኔው በየትምህርት ቤቱ ስለ ተጠና ግጥምዋን ያላነበበ ተማሪ ሁሉ ስምዋን በነቀፋ አወቀ። በ1966 ስትሞት ውሳኔው ገና አልተነሣም ነበር፤ የተሻረው በ1988 ነው።

የብዕር ስም መሸሸጊያ ነው ለሚሉ ይህ ታሪክ መልስ ይሰጣል። አኽማቶቫ ስሙን የመረጠችው አባትዋን ከነውር ለማራቅ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ከመከራው ልታርቀው የምትችለው ራስዋን እንኳ አልነበረም። በመነሻ ፊደላት ብትፈርም ኖሮ ፊደላቱ የሚጠሩት ባልዋን በሆነ ነበር፤ በተቆረጠ ስም ብትፈርም አባትዋን። ራስዋ በመረጠችው ስም ስለ ፈረመች ግን በ1914 የመጣላት ምስጋናም በ1946 የመጣባት ውግዘትም ከማንም ጋር ሳይምታታ በእርስዋው ደጅ ቆመ።

አንድሬይ ጎሬንኮ በ1915 ሞተ። ልጁ በመጨረሻ ሕመሙ አስታመመችው። የፈራለት የቤተሰቡ ስም በሙሉው በልጁ ግጥም ላይ አልታተመም፤ ከነውርም ከክብርም ተጠብቆ ቀረ። ዛሬ ያ ስም የሚነሣው ስለ አኽማቶቫ ሕይወት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የአባትዋ ስም ጎሬንኮ ነበር፣ ሳትጠቀምበት ቀረች፣ ብሎ ሲጀምር ነው።